የእናታችን የአጥንት ምርመራ ወረቀት፤ ሥዕሉና ቁጥሩ ምን ይላሉ?

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በዛሬው ዝግጅታችን፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና ምራቶች «እስኪ አንብብልኝ፣ ምን ይላል?» እየተባሉ ከእናት ወይም ከአክስት እጅ የሚቀበሉትን አንድ ወረቀት ይዘን፣ ሥዕሉን፣ መስመሩንና ቁጥሩን ተራ በተራ በጽሞና እንመረምራለን፤ ይኸውም የአጥንት እፍጋት ምርመራ ውጤት ነው።

በዚያ አገር አንዲት ሴት 65 ዓመት ሲሞላት፣ ምንም ሕመም ባይሰማት እንኳ፣ አጥንቷ ሳስቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ይህ ምርመራ እንዲደረግላት ይመከራል። ውጤቱም ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ቀጠሮ ቀድሞ ወደ ቤት ወይም ወደ ስልክ ስለሚደርስ፣ እንግሊዝኛ የሚያነበው የቤተሰብ አባል ቀይ ቀለምና ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥር ባየ ጊዜ ፊቱ ይለወጣል፤ እናቲቱም ወረቀቱን ሳይሆን የልጇን ፊት አይታ ትደነግጣለች።

ለመሆኑ ያ ቀይ ቀለም ምን ማለት ነው? ነቀርሳ ተገኘ ማለት ነውን? አጥንቱ ተሰብሯል ማለት ነውን? አንዱም አይደለም። ቀዩ ቀለም የሚናገረው፣ በተለካው ስፍራ ያለው የአጥንት ማዕድን፣ ከወጣት ሴቶች መካከለኛ መጠን ጋር ሲነጻጸር ብዙ ዝቅ ማለቱን ብቻ ነው። ይህን «ብቻ ነው» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

(ለአፍታ ዝምታ)

መሣሪያው ዴክሳ ይባላል። ተመርማሪዋ በጠፍጣፋ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ ሳለች፣ እንደ ክንድ የተዘረጋ ነገር ከበላይዋ ቀስ እያለ ያልፋል፤ በዚያን ጊዜም ኃይሉ ሁለት ዓይነት የሆነ፣ መጠኑ እጅግ አነስተኛ የራጅ ጨረር በሰውነቷ ውስጥ ይተላለፋል። ነጠላንና ጋቢን በፀሐይ ፊት ብትዘረጉ፣ በነጠላው በኩል ብርሃኑ ያልፋል፣ በጋቢው በኩል ግን ይጋረዳል፤ መሣሪያውም ጨረሩ ምን ያህል እንደ ተጋረደ መዝኖ፣ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን የካልሲየምና የሌላውን ማዕድን መጠን ያሰላል። ጨረሩ ሁለት ዓይነት የሆነበት ምክንያት ሥጋው የጋረደውን ከአጥንቱ ለመለየት ነው።

የሚለካው መላው ሰውነት አይደለም። የሚለኩት በተለይ ሁለት ስፍራዎች ናቸው፤ አንደኛው የወገብ አከርካሪ፣ ሁለተኛው ዳሌ፣ ይልቁንም የጭን አጥንት አንገት የሚባለው ቀጭን ክፍል፣ አሮጊቶች ሲወድቁ የሚሰበረው። ከእነዚህ አንዱን መለካት ካልተቻለ የክንድ አጥንት ይጨመራል። ከእያንዳንዱም ስፍራ በካሬ ሳንቲ ሜትር ስንት ግራም ማዕድን እንዳለ የሚገልጽ ቁጥር ይወጣል።

(ወረቀት ሲገለጥ የሚሰማ ድምፅ)

አሁን ወረቀቱን ግለጡ። የአጥንቱ ጥቁርና ነጭ ምስል በአንድ ወገን፣ ባለ ቀለም ሠንጠረዥ በሌላው ወገን ይታያል። ከሠንጠረዡ ግርጌ አግድም የተጻፈው ዕድሜ ነው፤ በግራ በኩል ሽቅብ የተጻፈው የማዕድኑ መጠን ነው፤ በቀኝ በኩል ሽቅብ የሚታየው ቲ-ስኮር የሚባለው መመዘኛ ነው። በብዙ መሣሪያዎች ላይ የላይኛው ክፍል አረንጓዴ፣ የመካከለኛው ቢጫ፣ የታችኛው ቀይ ሲሆን፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረደ የሚሄደው ሰፊ ጥላ ደግሞ ሴቶች ዕድሜያቸው በገፋ መጠን አጥንታቸው በልማድ እንዴት እንደሚሳሳ ያሳያል። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ መስቀል ወይም ነጥብ ልትሆን ትችላለች። እርሷ እናታችሁ ናት።

ስለዚህ ምልክቲቱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ትነግራችኋለች። ከጥላው ጋር ስታስተያዩአት፣ እናታችሁ ከዕድሜ እኩዮቿ ጋር እንዴት እንደ ሆነች ታያላችሁ፤ ከቀለሙ ጋር ስታስተያዩአት፣ ከወጣት ሴቶች ጋር እንዴት እንደ ሆነች ታያላችሁ። የመጀመሪያው ንጽጽር ዜድ-ስኮር፣ ሁለተኛው ቲ-ስኮር ይባላል። ደግሜ እላለሁ፤ ዜድ ከእኩዮች ጋር ነው፣ ቲ ከወጣቶች ጋር ነው።

(አጭር ዜማ)

አንዲት የ68 ዓመት እናት በምሳሌ እንውሰድና፣ በወረቀቷ ላይ በጭኗ አጥንት አንገት አንጻር ቲ-ስኮሯ ከዜሮ በታች 2.6 ተብሎ ተጽፏል እንበል። ልጇ ይህን ሲያነብ «2.6 በመቶ ብቻ ነው የቀነሰው» ብሎ ይጽናናልን? ወይስ «ሁለት እጥፍ ተኩል ጠፍቷል» ብሎ ይሸበራልን? ሁለቱም አይደሉም፤ ቁጥሩ የሚቆጥረው እርከን ነው።

እርከኑ እንዲህ ይሠራል። የወጣት ሴቶች አጥንት ሁሉ እኩል ስላልሆነ፣ ከመካከለኛው መጠን ወደ ላይና ወደ ታች የተሰራጨ ነው፤ የስሌት ሊቃውንትም ከመቶ ወጣቶች 68 ያህሉን የሚይዘውን ስፋት ለይተው፣ ከመካከል እስከ ዳር ያለውን አንድ እርከን ብለው ወሰኑ። በዚህች እናት መሣሪያ የወጣቶቹ መካከለኛ መጠን 0.85 ግራም ያህል፣ አንዱ እርከንም 0.11 ግራም ያህል ነው፤ የእርሷ 0.56 ነው። ጉድለቷ 0.29 ስለ ሆነ፣ ለ0.11 ሲካፈል ሁለት እርከን ከስድስት ዐሥረኛ ይሆናል፤ ከመካከለኛው በታች ስለ ሆነም ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ተደረገበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ወሰን እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። ቲ-ስኮሩ ከዜሮ በታች ከ1 ያልወረደ ደኅና ይባላል፤ ከ1 ወርዶ 2.5 ያልደረሰ የአጥንት መቀነስ ይባላል፤ 2.5 የደረሰና ከዚያም የወረደ የአጥንት መሳሳት ይባላል። የምሳሌያችን እናት እንግዲህ ከመጨረሻው ወገን ናት። ዳሩ ግን በ2.4 እና በ2.6 መካከል አጥንቱ ራሱ ድንገት የሚለወጥበት ገደል የለም፤ ወሰኑን ያኖሩት ሰዎች ናቸው፤ ሐኪሞች በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ብለው ነው።

ዜድ-ስኮሯስ? የ68 ዓመት ሴቶች መካከለኛ መጠን በዚያው መሣሪያ 0.66 ያህል ስለ ሆነ፣ እርሷ ከእኩዮቿ የምታንሰው አንድ እርከን እንኳ በማይሞላ መጠን ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ይህን ሲያይ «እንግዲያውስ እንደ እኩዮቿ ናትና ሕክምና አያስፈልጋትም» ይላል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም፤ እኩዮቿም አጥንታቸው ሳስቷልና። የዜድ-ስኮር ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ከዜሮ በታች ወደ 2 ሲወርድ፣ ከዕድሜ የተለየ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግ ያሳስባል። ገና የወር አበባ ያልቆመላት ሴት ወይም ከ50 ዓመት በታች የሆነ ወንድ ቢመረመር ግን፣ የሚነበበው በመሠረቱ ይኸው ዜድ-ስኮር ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰዎች በተለይ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። «እነዚህ ወጣቶች እነማን ናቸው? የሀበሻ ልጆች ናቸውን?» ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። የዳሌው መመዘኛ የተወሰደው፣ ከ1988 እስከ 1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ ከተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ሲሆን፣ ወጣቶቹም ከ20 እስከ 29 ዓመት የሆናቸው ነጭ ሴቶች ናቸው። በዚህ ሙያ ያሉ ሊቃውንት የየትኛውም ሕዝብ ሴቶች ቲ-ስኮር በዚሁ በአንዱ መመዘኛ እንዲሰላ ስለሚመክሩ፣ በመዝገቡ ላይ ስለ ዘር የተሞላው ቃል በአብዛኛው የሚለውጠው ዜድ-ስኮሩን ነው። ደግሞም መሣሪያው አጥንቱን እንደ ጥላ ከፊት ለፊት ብቻ ስለሚያየውና ውፍረቱን ስለማይለካ፣ ደቃቃና አጭር ሴት አጥንቷ በተፈጥሮው ትንሽ ስለ ሆነ ብቻ ቁጥሯ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። እናታችሁ ደቃቃ ከሆነች ይህን ለሐኪሙ አንሡለት።

(ለአፍታ ዝምታ)

ወደ ወገብ አከርካሪ እንለፍ፤ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ገጽ ነውና። አራት የአከርካሪ አጥንቶች ከላይ ወደ ታች ኤል-1፣ ኤል-2፣ ኤል-3፣ ኤል-4 ተብለው ተጽፈዋል፤ ከበታቻቸውም የአራቱ የጋራ ውጤት አለ። በምሳሌያችን እናት ወረቀት ኤል-1 ከዜሮ በታች 2.3፣ ኤል-2 ከዜሮ በታች 2፣ ኤል-3 ከዜሮ በታች 1.9 ነው፤ ኤል-4 ግን ብቻውን ከዜሮ በላይ 0.6 ሆኖ ተገኘ። የአራቱ የጋራ ውጤት ከዜሮ በታች 1.4 ነው።

ልጅየው የጋራ ውጤቱን አይቶ «ወገቧስ ደኅና ነው» ይላል። ደኅና ነውን? ሦስቱ ሳስተው አራተኛው ብቻ እንደ ወጣት ጠንክሮ የሚገኝበት ምን ምክንያት አለ?

መልሱ ከቁጥሩ ዘንድ አይገኝም፤ ከምስሉ ዘንድ ነው። በእርጅና ምክንያት በአከርካሪው ዳር የሚበቅል ትርፍ አጥንት፣ ወይም ተጨፍልቆ የታመቀ አንድ አከርካሪ፣ ወይም ከፊቱ ባለው ትልቅ የደም ሥር ላይ የተጋገረ ካልሲየም፣ ሁሉም ጨረሩን ስለሚጋርዱ መሣሪያው «ብዙ ማዕድን አለ» ብሎ ይቆጥራቸዋል። እንግዲህ የተሰበረ አጥንት ከጤነኛው ይልቅ ጠንካራ መስሎ ሊታይ ይችላል ማለት ነው! ስለዚህ አንዱ አከርካሪ ከጎረቤቱ ከአንድ እርከን በላይ ከተለየና በምስሉም እንከን ከታየበት፣ እርሱን ትቶ በቀሩት ማስላት የሙያው ሥርዓት ነው። ኤል-4 ሲወጣ የዚህች እናት ወገብ ከዜሮ በታች 2.1 ያህል ይሆናል፤ ከ1.4 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከዚህም በቀር ሰው ራሱ የሚጨምረው መጋረጃ አለ። እናቶቻችን ሳንቲም በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥራሉ፤ የውስጥ ጉርዳቸውን በመርፌ ቁልፍ ይይዛሉ፤ ይህም ሁሉ የሚያርፈው ልክ በሚለካው የወገብ አከርካሪ ላይ ነው። በዚያው ዕለት ጠዋት የተዋጠ የካልሲየም ክኒንም በሆድ ውስጥ ሳይሟሟ ቢቈይ እንደ አጥንት ሊቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ ከምርመራው 24 ሰዓት በፊት እንዲተው ይነገራል። በምስሉ ላይ ክብ ወይም ሹል ሆኖ ደምቆ የሚታይ፣ ከአጥንት ቅርጽ የራቀ ነጭ ነገር ካያችሁ፣ ያ ገጽ እንደ ገና መታየት ይገባዋል። ለዚህ ነው የማጠቃለያውን ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ምስል ያለባቸውን ገጾች ሁሉ ጠይቃችሁ ተቀበሉ የምለው።

የዳሌው ገጽም አንድ መሰናክል አለው። በአንዳንድ መሣሪያ ወረቀት ላይ፣ ከአንገቱና ከዳሌው ጠቅላላ ውጤት ጋር «ዋርድ» የሚባል ስፍራ ተጽፎ ይገኛል፤ በምሳሌያችን እናት ዘንድ እርሱ ከዜሮ በታች 3.2 ነው እንበል። ከሁሉ የወረደው ቁጥር እርሱ ስለ ሆነ የቤተሰቡ ዓይን ወደ እርሱ ይሮጣል። ነገር ግን ይህ ስፍራ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ለፍርድ አይቆጠርም። የሚቆጠሩት የወገብ አከርካሪ፣ የጭን አጥንት አንገትና የዳሌው ጠቅላላ ናቸው፤ ከእነዚህም ዝቅ ያለው ይወሰዳል። ደግሜ እላለሁ፤ ከወረቀቱ ሁሉ ዝቅ ያለው ሳይሆን፣ ከእነዚህ ከሦስቱ ዝቅ ያለው።

(አጭር ዜማ)

አሁን ያን «ብቻ ነው» ያልነውን ቃል እናንሣ። ሠንጠረዡ የማይናገረው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ስለ ሕመም አይናገርም። አጥንት ሲሳሳ አያምም፤ የጉልበት ቁርጥማትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከዚህ ወረቀት ሊነበብ አይችልም። ነገር ግን የእናታችሁ ወገብ ድንገት በብርቱ ካመማት፣ ወይም ቁመቷ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግልጽ ካጠረና ጀርባዋ ከጎበጠ፣ አከርካሪዋ ሳይታወቅ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል፣ የአከርካሪ ራጅ እንዲታይላት ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክንያቱ አይናገርም። የማዕድኑን መጠን እንጂ ለምን እንዳነሰ አያውቅም። ፀሐይ በማጣት የሚመጣ የቫይታሚን ዲ ጉድለት፣ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ የኩላሊት ሕመም፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት፣ እነዚህ ሁሉ በሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። ሐኪሙ የደም ምርመራ ሲጨምር «ውጤቱ ወጥቶ የለም ወይ፣ ደግሞ ደም ለምን?» ብላችሁ አትቈጡ፤ የሚፈልገው ይህን ነው።

ሦስተኛ፣ ማን እንደሚሰበር በእርግጥ አይናገርም። በቢጫው ውስጥ ያለች ሴት ቆማ ሳለች አደናቅፏት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ፣ ቀለሙ ቢጫ ቢሆንም ሐኪሙ የአጥንት መሳሳት አለባት ብሎ ይፈርዳል፤ ስብራቱ ከቁጥሩ ይበልጣልና። ስለዚህ ከዚህ በፊት የደረሰባትን ስብራት፣ እናቷ ወይም አባቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ እንደ ሆነ፣ ከዓመት ወዲህም ስንት ጊዜ እንደ ወደቀች ለሐኪሙ ንገሩት። ይህን እናቲቱ ራሷ ላትናገር ትችላለች፤ መውደቅን እንደ ነውር የምትደብቅ እናት ብዙ ናትና፣ ቀስ ብላችሁ ለብቻዋ ጠይቋት።

(ለአፍታ ዝምታ)

በመጨረሻ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ወረቀት ሲመጣ ምን እናድርግ? በምሳሌያችን እናት የዳሌዋ ጠቅላላ መጠን መጀመሪያ 0.690 ነበረ፤ መድኃኒት ጀምራ ሁለት ዓመት ከቈየች በኋላ 0.675 ሆነ። ልጇ «መድኃኒቱ አልሠራም፤ ይብስ ወረደ» ብሎ ያዝናል። ወርዷልን?

የወረደው ሁለት በመቶ ያህል ነው። አንዲቱን ሴት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ብታስተኟት፣ እግሯ በጥቂቱ በመዞሩ ብቻ ቁጥሩ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የምርመራ ቤት የራሱን ባለሙያዎችና የራሱን መሣሪያ ፈትኖ፣ ልዩነቱ ከዚህ ካለፈ እውነተኛ ለውጥ ነው የሚልበትን ወሰን ያወጣል። በዚህች እናት የምርመራ ቤት ወሰኑ አራት በመቶ ቢሆን፣ ሁለት በመቶው ለውጥ አይባልም፤ አጥንቷ ባለበት ጸንቷል ማለት ነው። መድኃኒት በምትወስድ ሴት ዘንድ ደግሞ ባለበት መጽናት ራሱ መልካም ውጤት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሁለቱም ምርመራዎች በአንድ መሣሪያ ላይ ሲደረጉ ነው። ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው መሣሪያዎች ለአንዱ አጥንት ልዩ ልዩ ቁጥር ይሰጣሉ፤ እናታችሁ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ብትዛወር፣ ወይም አዲስ አበባ ተመርምራ ብትመጣ፣ የሁለቱን ወረቀት ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ መቀነስ ወደ ስሕተት ይመራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወረቀት አትጣሉ፤ በግርጌው የተጻፈውን የመሣሪያውን ስም ተመልከቱ፣ ሁለተኛው ቀጠሮ ሲያዝም «በዚያው መሣሪያ ላይ ይሁንልን» ብላችሁ ጠይቁ፣ የምርመራ ቤቱም የለውጥ ወሰኑ ስንት እንደ ሆነ በውጤቱ ላይ እንዲጽፍላችሁ አመልክቱ።

ጥያቄ ያላችሁ አድማጮች የወረቀቱን ቁጥር ከነእናታችሁ ዕድሜ ጽፋችሁ ላኩልን፤ ስሟን አትጻፉ። እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ዜማ)